የማይጠየቅ አላሚ

«ህልም እንደ ፈቺው ነው» ይባላል። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላውም ደጋ አገር ሁሉ፣ ክፉ ህልም ያየ ሰው «ህልም እልም» ብሎ ይነሣል እንጂ ያየውን ላገኘው ሁሉ አያወራም። የሚነግረው አፉ ለማይከፋ፣ ለሚወደው ሰው ነው። ጥርሱ ሲወልቅ ያየ ሰው ዘመድ ይሞትብኛል ብሎ ይሰጋል። የሚነገረው ሽማግሌ ብልህ ከሆነ ግን ጥርስ ስለተባለ ብቻ ሞት አይልም። ማታ ምን እያሰብክ ተኛህ? የታመመ ዘመድ አለህ? ያመመህ ጥርስስ የለም? ብሎ ይጠይቃል። አላሚው ይመልሳል፤ መልሱም ፍቺውን ይለውጠዋል። ጥርሱን እያመመው የተኛ ሰው ያየው ህልምና ወንድሙ በጠና ታሞበት የተኛ ሰው ያየው ህልም አንድ ሊሆኑ አይችሉም።

ሲግመንድ ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1900 ባወጣው የህልም መጽሐፉ ዋና ሕግ ያደረገውም ይህንኑ ነበር። ለእያንዳንዱ ምልክት የተወሰነ ትርጉም የሚሰጠውን የጥንት አፈታት በቂ አይደለም አለ። ህልሙ ይቆራረጣል፤ አላሚው በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ወደ ልቡ የመጣውን ሁሉ፣ ቢያፍርበትም ሳያስቀር ይናገራል፤ ፍቺው የሚገኘው ከዚህ ንግግር ነው። ያለ አላሚው ቃል ፈቺው እጁ ባዶ ነው።

እንግዲህ አንድ የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ህልም ሲያይ ምን ይደረጋል? ሰውየው የለም። ማታ ምን እያሰብክ ተኛህ ተብሎ አይጠየቅም። ልጅነቱ መጽሐፉ ውስጥ ከተጻፈው በቀር ሌላ ልጅነት አይደለም። ሆኖም በዩኒቨርሲቲዎቻችን የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ክፍሎች «ከፍካሬ ልቡና አንጻር» እየተባለ የገጸ ባሕርያት ህልም፣ ፍርሃትና የታፈነ ምኞት ይተነተናል። ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያስረዳና የት ላይ ማስረጃነቱ እንደሚያበቃ ለማየት፣ ፍሮይድ ራሱ የአንድ ልብ ወለድ ሰው ህልም ሲፈታ የሆነውን ከማየት የተሻለ መንገድ አላገኘሁም።

መጽሐፉ ጀርመናዊው ዊልሄልም የንሰን እ.ኤ.አ. በ1903 ያሳተመው «ግራዲቫ» የተባለ አጭር ልብ ወለድ ነው። ኖርበርት ሃኖልድ ወጣት የጥንታዊ ቅርስ ተመራማሪ ነው። ከሥራው በቀር ዓለም የለውም፤ ሴት የሚባል ነገር ለእሱ ከእብነ በረድና ከነሐስ የተሠራ ሲሆን ብቻ ነው ትርጉም ያለው። ሮም ውስጥ በድንጋይ ላይ የተቀረጸች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ የምትራመድ ወጣት ያያል። የኋላ እግሯ ተረከዝ ቀጥ ብሎ ተነሥቷል፤ መሬት የነካው የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ነው። የምስሉን የጄሶ ቅጂ ገዝቶ ከሥራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀለው፤ ግራዲቫ ብሎም ስም አወጣላት። ቀስ በቀስ ታሪክ ይሰጣት ጀመር፤ በፖምፔይ ከተማ የኖረች ናት አለ። እንዲህ የሚራመድ ሰው በእውን መኖሩን ለማወቅም በየመንገዱ የሴቶችን አረማመድ መመልከት ያዘ። ለሳይንስ ነው የማደርገው ብሎ ያምናል።

ከዚያ ህልም አየ። እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፖምፔይን በቀበረበት ቀን እሱ እዚያው ከተማ ውስጥ ነው። ግራዲቫን ከፊቱ አያት። የገዛ ከተማዋ ስለሆነች እዚህ መገኘቷ አያስገርምም ብሎ አሰበ፤ እሱም ሳያውቀው በዘመኗ፣ በዚያው ከተማ ይኖር ኖሯል። ሊያስጠነቅቃት ጮኸ። እሷ ግን ዞር ብላ አየችውና ሳትደነግጥ እስከ አፖሎ ቤተ መቅደስ ሄደች፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ራሷን አስደገፈች። ፊቷ እየነጣ እንደ እብነ በረድ ሆነ፤ አመዱም ወርዶ ሸፈናት። ሃኖልድ ከነቃ በኋላ እንኳ ግራዲቫ በዚያ ቀን መሞቷን እንደ እውነት ይዞ ቆየ፤ ያልታወቀ ነገር እየገፋውም ወደ ጣሊያን ተጓዘ።

ፖምፔይ ሲደርስ በቀትር፣ በፍርስራሹ መንገድ ላይ፣ ያቺው ሴት በዚያው አረማመድ ስትሻገር አያት። የሞተች መንፈስ መስላው በግሪክኛ፣ ቀጥሎም በላቲን አናገራት። እሷ ግን ማናገር ከፈለገ በጀርመንኛ እንዲናገር ነገረችው። በመጨረሻ እንደሚገለጠው ሴቲቱ ዞኢ ቤርትጋንግ ናት። ጀርመን አገር ካለው ቤቱ ፊት ለፊት ትኖራለች፤ በልጅነታቸው አብረው ሲጫወቱ፣ ሲደባደቡም ያደጉ ናቸው። ጥናቱ ውስጥ ሲሰጥም ከነጭራሹ ረስቷታል። እሷ ግን አልረሳችውም። እብደቱን በአንድ ጊዜ ከመቃወም ይልቅ የሞተችዋን ሴት ቦታ ይዛ፣ በሁለት ፊት በሚፈታ ንግግር ቀስ በቀስ ወደ እውኑ መለሰችው።

ፍሮይድ እ.ኤ.አ. በ1907 በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። የመጀመሪያውን ህልም የፈታበት መንገድ ደረጃ በደረጃ ሊታይ ይገባዋል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ እርምጃ ጽሑፉ ውስጥ የሚቆምበት መሬት አለው።

በመጀመሪያ የማያስቸግረውን ምኞት ያነሣል፤ ፖምፔይ ስትቀበር ቆሞ ማየት የማይመኝ የቅርስ ተመራማሪ የለም። ከዚያ ወደ አንዲቷ እንግዳ ሐሳብ ይሄዳል፤ ሃኖልድ «ሳላውቀው በዘመኗና በከተማዋ እኖር ነበር» ማለቱን። ፍሮይድ ይህ ሐሰት ሳይሆን ቦታው የተለወጠ እውነት ነው ይላል። ሴቲቱ በእውን በዘመኑ፣ በከተማው፣ ያውም ከመስኮቱ ማዶ ትኖራለች፤ እሱም አያውቅም። ህልሙ እውነቱን ተናገረ፤ ግን እንዳይታወቅ ሁለቱንም አንሥቶ ሁለት ሺህ ዓመት ወደ ኋላ አኖራቸው። ከዚያ በኋላ ይበልጥ የተደበቀውን ምኞት ያነሣል፤ የሚወዳት ሴት ጋደም ስትል በአጠገቧ መገኘት። ይህ ምኞት ለሃኖልድ የሚያስፈራ ስለሆነ መተኛቷ ሞት፣ ፊቷም ድንጋይ ሆነ፤ ደስ ሊያሰኘው የሚገባው ነገር ጭንቅ ሆኖ ወጣ።

የከተማይቱ መቀበርም ለፍሮይድ የመታፈን ምሳሌ ነው። የታፈነ ትዝታ አይጠፋም፤ ፖምፔይ በአመድ ሥር እንደቆየች ሳይፈርስ ይቆያል። ለመውጣት ሲሞክርም ብዙ ጊዜ የሚወጣው ለማፈኛ በዋለው ነገር በኩል ነው። ሃኖልድ ሴትን ለመርሳት ወደ ጥንታዊ ድንጋይ ሸሸ፤ የረሳት ሴት ከዚያው ድንጋይ ላይ ወጣችበት። ፍሮይድ ለዚህ የፌሊሲየን ሮፕስን ሥዕል ያነሣል። ከፈተና የሸሸ መነኩሴ ወደ መስቀሉ ቀና ሲል በተሰቀለው አምላክ ቦታ ሴት ያያል።

ሁለተኛው ህልም አጭር ነው። ግራዲቫ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ከሣር በተሠራ ወጥመድ እንሽላሊት ለመያዝ ታደባለች፤ ባልደረባዋ ያስተማረቻት ዘዴ ጥሩ መሆኑን እየተናገረች ዝም ብሎ እንዲቆም ታዘዋለች። ሃኖልድ በዚያው ቀን እንሽላሊት የሚያጠምዱ አንድ ሽማግሌ የእንስሳት ተመራማሪ አግኝቶ ነበር፤ ሰውየውም የዞኢ አባት ናቸው። በህልሙ አዳኙ አባት ሳይሆን ልጅቱ ሆነች፤ የሚታደነውም ማን እንደሆነ አንባቢው አያጣውም። የቀኑ ትርፍራፊ የሌሊቱን ህልም እንደሠራ እዚህ በግልጽ ይታያል።

እስከዚህ ያለው አፈታት ያሳምናል ብዬ አምናለሁ። የሚያሳምነው ግን ፍሮይድ ብልህ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የንሰን መልሱን ራሱ ስለጻፈው ነው። አላሚው የማያውቀውን ነገር፣ ማለትም የልጅነት ጓደኛው ፊት ለፊት መኖሯን፣ መጽሐፉ በኋላ ይነግረናል። ፈቺው የገመተው ሁሉ ከሚቀጥሉት ገጾች ጋር ይመሳከራል። ፍቺው ቢሳሳት ኖሮ የሚያጋልጠው ገጽ ነበረ። በዚህ መልኩ ሲሠራ ፍካሬ ልቡና ሌላ ጥንቁቅ አንባቢ ከሚሠራው ሥራ አይለይም፤ ደራሲው የቀበረውን ክር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይከተላል።

ፍሮይድ ግን እዚያ ላይ አልቆመም፤ የንባቡ ማስረጃነት የሚያልቀው እሱ ካለፈባቸው ሁለት ድንበሮች ላይ ነው።

የመጀመሪያው ድንበር ከመጽሐፉ ወደ ሰው ልጅ ሁሉ ነው። ፍሮይድ ደራሲዎች የነፍስን ነገር ከሳይንስ አስቀድመው የሚያውቁ ወዳጆቻችን ናቸው አለ፤ የንሰን የእኔን ጽሑፍ ሳያነብ የፈጠረው ህልም በእኔ ሕግ ከተፈታ፣ ሕጉ ትክክል ነው ወደሚል ሐሳብ አዘነበለ። ይህ ግን አይከተልም። የተፈጠረ ህልም የሚነግረን አንድ ደራሲ ህልም እንዴት እንደሚሠራ ምን እንዳሰበ ነው። ህልም ምኞትን ይገልጣል የሚለው ሐሳብ ደግሞ የማንም የተደበቀ ግኝት አልነበረም። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» የሚል ሕዝብ ያውቀዋል። ፍሮይድም በህልም መጽሐፉ ዝይ ስለ በቆሎ ታልማለች የሚል የአገሩን ተረት ጠቅሷል። የንሰን ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ነገር ተነሥቶ ህልም ቢጽፍና ያም ከፍሮይድ ሐሳብ ጋር ቢገጥም፣ ሁለቱ ከአንድ ምንጭ መቅዳታቸውን እንጂ ምንጩ እውነት መሆኑን አያረጋግጥም።

ሁለተኛው ድንበር ከመጽሐፉ ወደ ደራሲው ሕይወት ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ዕድል ሆኖ ደራሲው በሕይወት ነበር፤ ሊጠየቅም ቻለ። ፍሮይድ መጽሐፉን ላከለት፤ በ1907 ደብዳቤ ተጻጻፉ። የንሰን በትሕትና መለሰ፤ ነገሩ የመጣለት የተቀረጸውን ምስል በማየት ነው፤ ሌላው በምናቡ የተሠራ ነው። ፍሮይድ አልረካም። ሌሎች ሁለት የየንሰን ታሪኮችን አንብቦ ግምት አቀረበ፤ ደራሲው በልጅነቱ እጅግ የሚወዳት፣ ምናልባትም እግሯ ላይ ጉድለት የነበረባት እህት ሳትኖረው አልቀረችም፤ የዚያች ልጅ እግር ነው በምናቡ ወደ ውብ አረማመድ የተለወጠው። ጥያቄው ግልጽ ነበር። መልሱም ግልጽ ሆኖ መጣ፤ እህት አልነበረችውም።

ይህ በፍካሬ ልቡና ታሪክ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው። ከልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ ህልም ተነሥቶ ስለ ደራሲው የተሰጠ የተወሰነ ትንበያ፣ ትክክል ወይም ስህተት ሊባል የሚችል፣ ተጠይቆ ስህተት ሆኖ ተገኘ። የንሰን አብራው ያደገችና በወጣትነቷ በሳንባ ነቀርሳ የሞተች ልጅ እንደነበረች ግን ጻፈለት። የፍሮይድ ወዳጅ የሆነ አንባቢ ይህን ሲሰማ «ይኸው ተገኘች» ማለቱ አይቀርም። እህት አትሁን እንጂ የልጅነት ጓደኛ ነበረች፤ ሞታለችም። አንባቢውን እዚህ ላይ ዝግ እንዲል እለምነዋለሁ። እህት ብትኖር ፍቺው ተረጋገጠ ይባል ነበር። እህት ሳትኖር ጓደኛ ብትገኝ በከፊል ተረጋገጠ ይባላል። ማንም ባትገኝ ደግሞ ደራሲው ትዝታውን አፍኖታል ይባል ነበር። ሦስቱም መልስ ወደ አንድ ፍርድ የሚወስድ ከሆነ፣ መጠየቁ ምንም አልመዘነም ማለት ነው። ፈላስፋው ካርል ፖፐር በኋላ በፍሮይድ ትምህርት ላይ ያነሣው ዋና ክስ ይኸው ነው፤ ምን ቢሆን ተሳስቻለሁ ትላለህ?

ፍሮይድ እንዲህ ያለውን ክስ ያውቅ ነበር፤ በሽምግልናው፣ እ.ኤ.አ. በ1937፣ በቀጥታ ገጠመው። የታካሚ «አይደለም» ማለት ፍቺውን አያፈርሰውም፤ ግን «አዎ» ማለቱም አያጸናውም አለ። የሚያጸናው ከፍቺው በኋላ የሚመጣው አዲስ ነገር ነው፤ ታካሚው ከዚያ በፊት ያልተናገረው ትዝታ፣ ሌላ ህልም፣ የሕመሙ መለወጥ። መልሱ ሙሉ በሙሉ አያጠግብም፤ በተስፋ የተያዘ ታካሚ ሐኪሙን ደስ የሚያሰኝ ትዝታ ሊያመጣ ይችላልና። ቢሆንም አንድ መመዘኛ ነው። ለገጸ ባሕርይ ግን ይህም የለም። ሃኖልድ ነገ ሌላ ህልም አያይም። የመጨረሻው ገጽ ከተነበበ በኋላ የሚመጣ አዲስ ነገር ካለ የመጣው ከፈቺው ነው።

ይህን ይዘን ወደ ቤታችን እንመለስ። ከስማዳና ከእስቴ ቆላ ሆኖ ዓባይን ተሻግሮ የሚታየው አገር ጎጃም ነው፤ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አገር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ ለፍካሬ ልቡና የተመቸ የሚመስል ሰው አለው። በዛብህ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ ልጅ ነው፤ ሚስት አግብቶ እንደ ሌላው ሰው ሊኖር አይገባውም። አድጎ የተማረ ሰው ሲሆን የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ወደደ፤ ፍቅሩንም ፍርሃቱ ይከተለዋል። አንድ ተማሪ ይህን ሲያነብ «የታፈነ ምኞት» ብሎ መጻፍ ይቀናዋል።

እኔ አልቀበለውም። በፍሮይድ ትርጉም መታፈን ማለት ሰውየው የማያውቀው ነገር ነው። ሃኖልድ ዞኢን አያውቃትም፤ ስሟ፣ መልኳ፣ አብረው መጫወታቸው ከልቡ ወጥቷል። በዛብህ ግን ስለቱን ያውቃል፣ ሰብለን መውደዱን ያውቃል፣ የሚፈራውንም ያውቃል። እያወቀ ራሱን ይገታል፤ ይህ ሌላ ነገር ነው። ስለት ደግሞ የአንድ ሰው የልብ ምሥጢር አይደለም። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ፣ በዙር አምባ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር አኩፋዳ ይዞ ከቤቱ የሚወጣ ልጅ በስለት የተሰጠ እንደሆነ እናቱም፣ የንስሐ አባቱም፣ ጎረቤቱም ያውቃሉ። ስለቱ የቀረ እንደሆነ የሚያስፈራው ነገርም በአደባባይ የታወቀ ነው። ይህን ግዴታ የአባት ጥላ ወይም የልጅነት ቁስል ብሎ መሰየም፣ መጽሐፉ በስሙ የጠራውን ነገር ስም ነጥቆ ሌላ ስም ማልበስ ነው። በዛብህን የሚያስጨንቀው ነገር ምን እንደሆነ ደራሲው ሳይሸሽጉ ጽፈውታል፤ ሐዘኑም የሚከብደው ስለዚህ ነው።

የበዛብህ መጨረሻም ተመሳሳይ ፈተና ነው። መንገድ ላይ ወንበዴዎች አቁስለውት፣ ሰብለ ደርሳለት በአልጋ ላይ ይሞታል። የሚያምን አንባቢ ስለቱ ደረሰበት ይላል። የፍካሬ ልቡና አንባቢ ጥፋተኝነቱ ወደ ሞት መራው ይላል። ሌላው ደግሞ በዚያ ዘመን የዓባይ መንገድ ለብቸኛ መንገደኛ አደገኛ ነበር ይላል። አንዱ ክስተት ለሦስቱም እኩል ይገጥማል፤ ስለዚህ ለአንዳቸውም ብቻ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው አንባቢ ሐሳቡን ማስረዳት ከፈለገ በዛብህ ሊርቀው ይችል የነበረውን አደጋ ሳያውቀው የፈለገበትን ቦታ ከጽሑፉ ማሳየት አለበት። ሞቱን ራሱን መልሶ መጥቀስ አይበቃም።

ወደ ደራሲው መሻገርም እዚህ ይቀላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አልፈዋል፤ የመጽሐፉን ዲማንም ያውቋት ነበር። ከዚህ ተነሥቶ በዛብህ እሳቸው ናቸው፣ ፍርሃቱም የእሳቸው የታፈነ ፍርሃት ነው የሚል ሰው የየንሰንን እህት ሁለተኛ ጊዜ እየፈጠረ ነው። ልዩነቱ ዛሬ ደብዳቤ ጽፎ የሚጠየቅ ሰው አለመኖሩ ነው፤ ይህ ደግሞ ግምቱን የሚያጠነክር ሳይሆን ፈጽሞ የማይመዘን የሚያደርግ ነው።

ታዲያ ከፍሮይድ መጽሐፍ ለ«ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርፍ ነገር የለም ወይ? አንድ አለ፤ እሱም ከሮፕስ ሥዕል ጋር የመጣው ነው። ስለቱ በዛብህን ከሴት ለማራቅ ለትምህርት ሰጠው። ትምህርቱ የተማረ ሰው አደረገው። ፊታውራሪ መሸሻ ቤታቸው ያስገቡት፣ ልጃቸውን እንዲያስተምር የፈቀዱለት፣ የተማረ የቤተ ክርስቲያን ሰው በመሆኑ ነው። ለባላባት የማይመጥን የድሀ ልጅ በሌላ በር ወደ ሰብለ ወንጌል ሊደርስ አይችልም ነበር። ከሴት ሊጠብቀው የታሰበው ነገር እጁን ይዞ ወደ እሷ አደረሰው። ይህን ለማየት የበዛብህን ኢ-ንቁ አእምሮ መገመት አያስፈልግም፤ ምዕራፎቹን በቅደም ተከተል ማንበብ ይበቃል፤ የሚጠራጠርም አንባቢ ገጹን ገልጦ ሊያጣራው ይችላል። ይህን የሠራው በዛብህ አይደለም። እያወቁም ይሁን ሳያውቁ ታሪኩን እንዲህ ያቀናበሩት ደራሲው ናቸው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ግን መጽሐፉ አይነግረንም።